አመቱ ሳያልቅ ከቤት መውጣት በስፔን፦ መያዣው፣ የማስታወቂያው ጊዜ እና የካልዴራው ወጪ

ጥያቄ፦ “ቫሌንሲያ ነው ምኖረው። ማርች 1 ላይ የአንድ አመት ኮንትራት ፈርሜ ቤት ገባሁ፣ ኪራዩ 750 ዩሮ ነው። ስገባ የአንድ ወር ፊያንሳ እና የሁለት ወር ተጨማሪ መያዣ ከፍያለሁ። አሁን ካልዴራው፣ ውሃ ማሞቂያው ማለት ነው፣ ተበላሽቶ ሙቅ ውሃ የለም፣ አከራዩ ደግሞ ኮንትራቱ ጥገና ሁሉ ባንተ ነው ይላል አለኝ። ቢልባኦ ስራ ስላገኘሁ በኦክቶበር መጨረሻ ልወጣ ነው፣ እሱ ግን አመቱ ሳያልቅ ከወጣህ መያዣውን አታገኝም፣ የቀረውንም ኪራይ ትከፍላለህ ይላል። እስፓኒሽ ብዙም ማንበብ አልችልም፣ የኮንትራቱን ፎቶ ልኬያለሁ። የመጨረሻዎቹን ወራት ኪራይ ሳልከፍል በመያዣው ይቻቻል ብዬ ልውጣ?”

አትውጣ እንደዛ። ከጠየቅካቸው ነገሮች ሁሉ አንተን ጥፋተኛ ሊያደርግ የሚችለው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ፊያንሳ ኪራይ አይደለም፣ ቤቱ ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ላልተከፈለ እዳ የተቀመጠ ገንዘብ ነው፣ ኮንትራቱ በህይወት እያለ አንተ በራስህ ውሳኔ ወደ ኪራይ ልትቀይረው አትችልም። አንድ ወር ኪራይ ካልከፈልክ አከራዩ የማስወጣት ክስ መክፈት ይችላል፣ ብዙ ሰው ግን ሁለት ሶስት ወር ካልተጠራቀመ ምንም አይመጣም ብሎ ነው ሚያስበው። እስካሁን ህጉ ካንተ ጋር ነው፣ ኪራይ ያቆምክ ቀን ግን ወሬው ሁሉ ስላንተ እዳ ይሆናል፣ ካልዴራውንም መያዣውንም ማንም አያነሳልህም።

ሁለተኛው ስህተት ያንተ ብቻ አይደለም፣ አብዛኛው ያገሬ ሰው ጋ ያየሁት ነው፣ “ፈርሜያለሁ በቃ ታስሬያለሁ” ማለት። ስፔን ውስጥ ለመኖሪያ የሚከራይ ቤት የሚተዳደረው በ1994 በወጣው የከተማ ኪራይ ህግ ነው፣ እዛ ሰዎች ላኡ እያሉ ነው ሚጠሩት፣ ቁጥሩ 29/1994። የዚህ ህግ አንቀጽ 6 ተከራዩን ህጉ ከሰጠው በታች የሚያወርድ ማንኛውም የኮንትራት አንቀጽ፣ ህጉ ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር፣ ዋጋ የለውም ይላል። ፊርማህ ያለበትም ቢሆን። ስለዚህ የስፔን ኮንትራት ስታነብ አንድ ጊዜ ወረቀቱ ምን ይላል ትላለህ፣ ቀጥለህ ህጉ ይሄን ይፈቅዳል ወይ ትላለህ። ያንተ አከራይ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የነገረህ።

ይሄ ሁሉ ግን የሚሰራው ኮንትራቱ የመኖሪያ ኮንትራት ከሆነ ነው፣ ስለዚህ ከፎቶዎቹ መጀመሪያ ያየሁት ርእሱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ ነው። ያንተው “ቪቪየንዳ አቢቱአል” ይላል፣ ቋሚ መኖሪያህ ነው ማለት ነው፣ ጥሩ። “ቴምፖራዳ” የሚል ቢሆን ኖሮ ሌላ ጨዋታ ነበር፣ እሱ ለጊዜያዊ ቆይታ ነው፣ ለኮርስ፣ ለአጭር ስራ፣ ለህክምና ምናምን፣ እዛ ላይ ጥገናውም መውጫውም በአብዛኛው በተስማማችሁት ነው የሚሄደው፣ ፊያንሳውም በህጉ ሁለት ወር ነው። አሁን አሁን አንዳንድ አከራዮች ሰውየው ስራም ፓድሮንም፣ የከተማ ነዋሪነት ምዝገባም ማለት ነው፣ እዛው ከተማ እያለው የ11 ወር ቴምፖራዳ ያስፈርሙታል፣ ከመኖሪያ ህጉ ለመሸሽ። ፍርድ ቤት የሚያየው ግን ርእሱን ሳይሆን ቤቱ በእውነት ለምን እንደዋለ ነው፣ ስለዚህ እንደዛ አይነት ወረቀት የፈረመ ሰው ፓድሮኑን፣ የስራ ኮንትራቱን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት ይያዝ፣ ቴምፖራዳ ለመባል የሚያበቃ ምክንያት ኮንትራቱ ላይ ተጽፎ እንደሆነም ይመልከት።

የከፈልከው መያዣ ህጋዊ ነው፣ እዛ ላይ አልተታለልክም። ለመኖሪያ ቤት ፊያንሳው በትክክል የአንድ ወር ኪራይ ነው፣ ከዛ በላይ አከራዩ ተጨማሪ መያዣ መጠየቅ ይችላል፣ ግን ኮንትራቱ እስከ 5 አመት ከሆነ (አከራዩ ድርጅት ከሆነ እስከ 7) ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። ያንተ 750 ሲደመር 1500፣ በድምሩ 2250 ዩሮ እሱ ጋ አለህ። ፊያንሳውን አከራዩ ኪሱ ማስቀመጥ የለበትም፣ የራስ ገዙ አስተዳደር ዘንድ ማስያዝ አለበት፣ ባንተ ሁኔታ የቫሌንሲያ ኼኔራሊታት ጋ፣ ባርሴሎና ቢሆን ኢንካሶል ጋ። አላስያዘም ማለት ገንዘቡ ይቀራል ማለት አይደለም፣ በሁለቱም መንገድ ላንተ የሚመልሰው አከራዩ ራሱ ነው፣ ግን አለማስያዙ ቅጣት ስለሚያመጣበት “የተያዘበትን ወረቀት ልታሳየኝ ትችላለህ?” የሚል ትሁት መልእክት አንዳንዴ ከረጅም ክርክር የበለጠ ይሰራል። በነገራችን ላይ ስትገባ ለኤጀንሲ የከፈልከው ነገር ካለ ደረሰኙን ፈልግ፣ ከሜይ 2023 የቤቶች ህግ ወዲህ ለመኖሪያ ኮንትራት የኤጀንሲ እና የኮንትራት ማዘጋጃ ወጪ የአከራዩ ነው፣ ተከራይ ላይ መጫን አይቻልም።

አሁን ወደ መውጣቱ። ኮንትራትህ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ፣ ዱራሲዮን፣ የኮንትራቱ ቆይታ፣ በሚለው ስር፣ “ተከራዩ ከአመቱ በፊት ከለቀቀ መያዣውን ያጣል፣ እስከ አመቱ መጨረሻ ያለውንም ኪራይ ይከፍላል” ይላል፣ መውጣት ከፈለገም የሁለት ወር ማስታወቂያ ይጠይቃል። ህጉ አንቀጽ 11 ላይ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ተከራዩ ቢያንስ 6 ወር ከኖረ በኋላ፣ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ካሳወቀ፣ ምክንያት ሳይሰጥ መውጣት ይችላል። አከራዩ ቅጣት ሊቀበል የሚችለው ኮንትራቱ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው፣ ተጽፎም ቢሆን ጣሪያ አለው፣ ከኮንትራቱ ለቀረው ለእያንዳንዱ አመት የአንድ ወር ኪራይ፣ አመት ያልሞላው በሂሳቡ ይቀነሳል። የቀረውን ኪራይ በሙሉ ክፈል የሚል ነገር ከዚህ ጣሪያ በላይ ነው፣ ሁለት ወር ቀድመህ አሳውቅ የሚለውም አንተን ከህጉ በታች ስለሚያወርድ 30 ቀኑን አይሽረውም።

በቁጥር እንየው። ማርች 1 ቀን 2025 ገባህ፣ ስድስት ወሩ ኦገስት 31 ላይ ሞልቷል። ኦክቶበር 31 ከወጣህ ስምንት ወር ኖረሃል፣ ከአመቱ አራት ወር ይቀራል፣ አራት ወር የአመት ሲሶ ነው፣ የ750 ሲሶ ደግሞ 250 ዩሮ። በቃ፣ ሰውየው ህጉ እስከሚፈቅድለት ጥግ ድረስ ቢሄድ ቅጣትህ 250 ነው እንጂ 2250 እና የአራት ወር ኪራይ አይደለም። አንዳንድ አቡጋዶዎች፣ ጠበቆች ማለት ነው፣ አንቀጹ ከህግ በላይ ስለሄደ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል፣ ምንም አትከፍልም ብለው ይከራከራሉ፣ ሊያሸንፉም ይችላሉ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ወደ ህጉ ጣሪያ ይወርዳል ነው ሚባለው። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን 250ውን እንደሄደ ቆጥሬ ስለ ቀሪው 2000 ነው ምጨነቀው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይሄን አንብቦ እንዳይሳሳት፣ ኮንትራቱ ላይ የተጻፈው የአመት ቁጥር ትልቅ ልዩነት አለው። ብዙ ሰው የአምስት አመት ኮንትራት ሲሰጠው ደስ ይለዋል፣ አይነሱኝም ብሎ። ግን በአንድ አመት ኮንትራትም ቢሆን አከራዩ በአመቱ ሊያስወጣህ አይችልም፣ አንተ ከፈለግክ ኮንትራቱ በየአመቱ እየታደሰ እስከ 5 አመት ይሄዳል (አከራዩ ድርጅት ከሆነ እስከ 7)፣ ይሄ ያንተ መብት ነው፣ ዋናው ልዩ ሁኔታ አከራዩ ሰው ሆኖ “ለራሴ ወይም ለቅርብ ቤተሰቤ መኖሪያ ካስፈለገኝ” የሚለው ኮንትራቱ ላይ በግልጽ ሲጻፍ ነው፣ እሱም ከመጀመሪያው አመት በኋላ በሁለት ወር ማስታወቂያ። ስለዚህ አምስት ተብሎ መጻፉ ላንተ ብዙም አይጨምርልህም፣ ቅጣቱን ግን ያበዛዋል። አንተ የፈረምከው አምስት አመት ቢሆንና በስምንተኛው ወር ብትወጣ 4 አመት ከ4 ወር ይቀር ነበር፣ በ750 ሲመታ 3250 ዩሮ። ከ250 ጋር አወዳድረው። ሊቆይ መሆኑን ያላወቀ ሰው አንድ አመት ቢፈርም ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

ማስታወቂያውን በምን እንደምትልክ ከቀኑ እኩል አስብበት። ስልክ ደውዬ ነግሬዋለሁ ማለት ማስረጃ አይደለም። ዋትስአፕ አንዳንዴ ዳኞች ይቀበሉታል፣ በተለይ አከራዩ “እሺ” ብሎ ከመለሰ፣ ግን ዝም ካለህ ወይም አልደረሰኝም ካለ ክርክር ነው። ፖስታ ቤቱ ኮሬዮስ ሄደህ ቡሮፋክስ የሚባለውን የተረጋገጠ ደብዳቤ ላክ፣ የመቀበያ ማረጋገጫ እና የጽሁፉ ቅጂ ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት፣ ሁለቱንም ጠይቅ፣ ምክንያቱም አንደኛው መድረሱን ሁለተኛው ምን ተብሎ እንደተጻፈ ነው የሚያሳየው፣ ጽሁፉ ካልተረጋገጠ ባዶ ወረቀት ነው የላከልኝ ይልሃል። ኢንተርኔት ላይም መላክ ይቻላል። ጽሁፉ አጭር ይሁን፤ ስምህ፣ የቤቱ አድራሻ፣ የኮንትራቱ ቀን፣ በአንቀጽ 11 መሰረት ከኮንትራቱ እንደምትወጣ፣ ኦክቶበር 31 ቁልፍ እንደምታስረክብ፣ ቤቱን አብራችሁ የምታዩበትን ሰአት እንዲነግርህ፣ እና ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ቁጥርህ። ንዴትህን እዛ ውስጥ አታስገባ። 30 ቀኑ ስትልክ ሳይሆን እሱ ሲደርሰው ነው ተብሎ ሊቆጠር ስለሚችል እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ይሂድ፣ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቅ። ሁለት ወር ቀድመህ ማሳወቅ ብትችል ኖሮ ጭቅጭቅ ይቀንስልህ ነበር፣ ግን ግዴታ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ሰዎች ጋ የተለመደ ስለሆነ። “ጓደኛዬ ይግባበት፣ መያዣዬን እሱ ይስጠኝ” ብሎ ቁልፍ መስጠት አለ። አከራዩ በጽሁፍ ካልፈቀደ ይሄ ኮንትራት ለማፍረስ ምክንያት ይሆነዋል፣ ኮንትራቱም በስምህ ስለሚቀጥል ጓደኛህ ያልከፈለው ኪራይ ካንተ ነው የሚጠየቀው። አከራዩን አነጋግረህ ሰውየውን ካቀረብክለትና ከሱ ጋር አዲስ ኮንትራት ከፈረመ ግን ጥሩ ነው፣ ቤቱ አንድ ቀንም ባዶ ስለማይሆንበት 250ውን እንዲተውልህ መጠየቅ ትችላለህ፣ እሺ ካለህ በጽሁፍ።

ወደ ካልዴራው እንምጣ። ዘጠነኛው አንቀጽህ “ማንኛውም አይነት ጥገና በተከራዩ ወጪ ነው” ይላል። የህጉ አንቀጽ 21 ተቃራኒውን ነው የሚለው፤ ቤቱ ለመኖሪያ ብቁ ሆኖ እንዲቆይ የሚያስፈልገውን ጥገና ሁሉ አከራዩ ይሰራል፣ በዚህም ምክንያት ኪራይ መጨመር አይችልም። ሙቅ ውሃ የሌለው ቤት ለመኖሪያ ብቁ አይደለም፣ ስለዚህ ዘጠነኛው አንቀጽ እዚህ ላይ አይሰራም። ተከራዩ ላይ የሚወድቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ራሱ ወይም ቤተሰቡ ወይም እንግዳው ያበላሸው፣ እና በየቀኑ ከመጠቀም የሚመጡ ትንንሽ ነገሮች። ትንንሽ ማለት ስንት ዩሮ እንደሆነ ህጉ አይናገርም። ብዙ ኮንትራት ላይ “እስከ 100” ወይም “እስከ 150 ዩሮ ተከራዩ ይከፍላል” ይጻፋል፣ እንደ መለኪያ ይረዳል፣ ግን ዋናው ጥያቄ ነገሩ ምንድን ነው የሚለው ነው። አምፖል፣ የቧንቧ ጎማ፣ የሻወር ጎማ፣ የመስኮት መዝጊያ መጎተቻ ገመድ፣ በጸጉር የተዘጋ ማፍሰሻ ያንተ ናቸው። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከጣሪያ የሚገባ ውሃ፣ ካልዴራ የሱ ናቸው፣ ክፍሉ ርካሽ ሆኖ 90 ዩሮ ቢወጣበትም እኔ የሱ ነው ብዬ ነው ምከራከረው። መካከል ላይ የቀረው የካልዴራው የወቅት ሰርቪስ ነው፣ ማጽዳትና ማየት፣ እሱ ብዙ ጊዜ ተከራይ ላይ ይደረጋል፣ ኮንትራትህ ላይ ካለ ደረሰኙን ያዝ፣ ምክንያቱም አከራዩ “ሰርቪስ ስላላደረገ ነው የተበላሸው” ብሎ ወደ ጥፋተኝነት ሊወስድህ የሚችለው በዚህ በኩል ነው።

ለዛ ነው ቴክኒሻኑ የሚጽፈው ወረቀት ከዋጋው በላይ የሚጠቅመው። ፓርቴ የሚሉት ነው፣ የስራ ሪፖርቱ። “ካልዴራ ተጠገነ፣ 180 ዩሮ” ብቻ ብሎ ከጻፈልህ ማን እንዳበላሸው አይታወቅም። ምክንያቱን እንዲጽፍ ንገረው፤ የክፍሉ እርጅና፣ የተከማቸ ኖራ፣ ያለቀ ፓምፕ፣ የካልዴራው እድሜ። ቫሌንሲያ ውሃው ኖራ የበዛበት ስለሆነ የውስጥ ቱቦዎቹን ይደፍናል፣ ይሄ የእድሜ መበላሸት ነው እንጂ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ግን ይሄን መጻፍ ያለበት ቴክኒሻኑ ነው፣ አንተ ብትለው ዋጋ የለውም።

ደረጃው ደግሞ ይሄ ነው፣ ቅደም ተከተሉን አታዛባ። ብልሽቱን እንዳየህ ለአከራዩ በጽሁፍ አሳውቅ፣ ፎቶና የስህተት ቁጥሩ የሚታይበት ቪዲዮ ጨምር፣ ዘግይቶ ማሳወቅ ጉዳቱ ከባሰ አንተን ያስጠይቅሃል። ቤቱን እንዲያይ ለሚልከው ሰው ክፈትለት። እምቢ ካለና ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ፣ ህጉ የሚለው ወዲያው የሚመጣ ጉዳትን ወይም ከባድ መቸገርን ለማስቀረት የሚደረግ ጥገና ነው፣ ለአከራዩ አስቀድመህ አሳውቀህ ራስህ አስጠግነህ ገንዘቡን ወዲያው መጠየቅ ትችላለህ። ሙቅ ውሃ ከነጭራሹ አለመኖሩን ከባድ መቸገር ነው ብዬ ነው የምወስደው፣ በተለይ ህጻን ወይም ታማሚ ካለ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ግን በዚህ አይገባም። “እስከ ሀሙስ ሰው ካልላክህ አስጠግኜ ፋክቱራውን እልክልሃለሁ” ብለህ ቀን ሰጥተህ ጻፍ፣ ፋክቱራው፣ የክፍያ ደረሰኙ ማለት ነው፣ በስምህ ይሁን፣ በባንክ ክፈል። አሁንም ደግሜ፣ 180ውን ከኪራዩ ላይ ቀንሰህ አትላክ፣ እሱ በጽሁፍ እሺ ካላለህ በስተቀር። መብትህ ትክክል ሆኖ ሳለ ያጎደልከው 180 ያልተከፈለ ኪራይ ተብሎ ሊቀርብብህ ይችላል።

መያዣው ላይ ዋናው ጦርነት የሚነሳው ቁልፍ ካስረከብክ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ከወዲሁ ተዘጋጅ። ኮንትራትህ ላይ “ተከራዩ ቤቱን በጥሩ ሁኔታ መረከቡን ያረጋግጣል” የሚል አንድ መስመር አለ፣ ሁሉም ኮንትራት ላይ አለ፣ ማንም አያስተውለውም። ባይኖርም እንኳ የስፔን ሲቪል ህግ ስለ ቤቱ ሁኔታ ካልተጻፈ በጥሩ ሁኔታ እንደተረከብክ ነው የሚገምተው፣ በጥሩ ሁኔታ አልነበረም ብሎ ማስረዳት ያንተ ስራ ነው። ስትገባ ያነሳሃቸው ፎቶዎች ካሉ አሁኑኑ ሰብስባቸው፣ ዋትስአፕ ላይ ለቤተሰብ የላክሃቸውም ይሁኑ፣ ቀን አላቸው። በዛው ህግ ግን ተከራይ በጊዜና በአግባቡ በመጠቀም የመጣውን እርጅና አይከፍልም። ትንሽ የጠቆረ ግድግዳ፣ የሶፋ አሻራ፣ የደበዘዘ ወለል እርጅና ነው። የተሰበረ በር፣ የተቃጠለ ኩሽና ጠረጴዛ፣ ቀይ የቀባኸው ግድግዳ፣ አስር ቦታ የተመታ ሚስማር እርጅና አይደለም። ሻጋታ ላይ ተጠንቀቅ፣ ከውጭ የሚገባ ውሃ ያመጣው ከሆነ የሱ ነው፣ መስኮት ሳይከፈት ከተጠራቀመ እንፋሎት ከሆነ ባንተ ያሳብባል፣ ስለዚህ የታየ ቀን በጽሁፍ አሳውቅ፣ የመውጫ ቀን ድረስ ዝም ካልክ ሁለተኛው ነው የሚባለው። (በርበሬና ሽሮ የምንሰራ ሰዎች ደግሞ ከመውጣታችን በፊት የማድቤቱን አየር ማውጫ እናጽዳ፣ የጽዳት ኩባንያ ፋክቱራ ከመያዣ ላይ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።)

ቁልፍ ካስረከብክበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ካለፈና ፊያንሳው ካልተመለሰ በላዩ ላይ ህጋዊ ወለድ መቆጠር ይጀምራል። አንድ ወሩ የመጨረሻውን የመብራትና የውሃ ቢል የሚጠብቅበት ነው፣ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት መጨቃጨቅ አትጀምር። ለሁለት ወሩ ተጨማሪ መያዣ ህጉ እንዲህ የተለየ ቀን አላስቀመጠም፣ ኮንትራትህ ሶስተኛው አንቀጽ ግን ከፊያንሳው ጋር አብሮ ይመለሳል ስለሚል ጥያቄህ ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ጻፍ። የሚቆርጠው ነገር ካለ ፋክቱራ ያምጣ፣ “ለቀለም 600” ብሎ በቃል መቁረጥ አይቻልም።

ካልከፈለ ሌላ ቡሮፋክስ፣ አሁን መጠኑን ጽፈህ፤ 2250 ሲቀነስ 250፣ 2000 ዩሮ፣ ካልዴራውን ካስጠገንክም ፋክቱራው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ክስ ከመክፈትህ በፊት ለመስማማት መሞከርህን ማሳየት ስላለብህ ደብዳቤው ላይ ተነጋግረን እንጨርስ የሚል ግልጽ ሀሳብ ይኑር። እስከ 2000 ዩሮ ያለ ክስ ያለ አቡጋዶ ራስህ ማቅረብ ትችላለህ፣ ያንተ ልክ እዛ ጠርዝ ላይ ነው፣ የካልዴራው 180 ሲጨመርበት ያልፋል። የካልዴራውን ገንዘብ ከመውጣትህ በፊት እንድትጨርስ የምመክርህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አቅም ለሌለው ሰው ነጻ አቡጋዶ አለ፣ በከተማው የአቡጋዶዎች ማህበር በኩል ይጠየቃል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ፣ ሌላ አማራጭ አትፈልግ። በዚህ ሳምንት ስለ ካልዴራው ቀን ቆርጠህ ጻፍለት፣ እስከ ሴፕቴምበር 15 የመውጫውን ቡሮፋክስ ላክ፣ የሴፕቴምበርንም የኦክቶበርንም ኪራይ በጊዜው በባንክ ክፈል፣ 250ውን ከመያዣው ላይ እንዲቆርጥ ፍቀድለት፣ ቀሪው 2000 ላይ ግን አትደራደር። ኦክቶበር 31 ቤቱን ባዶ አድርገህ በቪዲዮ ቅረጽ፣ የመብራት፣ የውሃና የጋዝ ቆጣሪዎቹን ቁጥር ጨምር፣ ቁልፉን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥለህ ወይም ለጎረቤት ሰጥተህ እንዳትሄድ፣ ቁልፍ መረከቡን ቀን ጽፎ ይፈርምልህ፣ አንድ ወሩ የሚቆጠረው ከዛ ቀን ነው። አልመጣም ካለ የቁልፍ መስጫ ቀጠሮ የጠየቅክበትን መልእክት ይዘህ በቡሮፋክስ አሳውቀው።

እዛው ቀን አከራዮች አንድ የተዘጋጀ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ ቁልፍ መረከቢያ ብለው ይሰጡሃል፣ መጨረሻው ላይ ግን “ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ የሚጠያየቁት ነገር የላቸውም” የሚል መስመር ይኖረዋል። ገንዘቡ እጅህ ካልገባ እሱን መስመር አትፈርም። በእስክሪብቶ ሰርዘው፣ ከጎኑ 2000 ዩሮ መያዣ እንዳልተመለሰ ጻፍ፣ ሁለታችሁም አጠገቡ ፈርሙ፣ እምቢ ካለ ወረቀቱን ሳትፈርም ፎቶ አንስተህ ቁልፉን በምስክር ፊት ስጠው።